«የከሰረ መንግሥት ወረቀት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«መንግሥት የሦስት ወር ብድር ውስጥ የገባው ካዝናው ስለተራቆተ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ የከሰረ መንግሥት ወረቀት ነው። የጎጃም ነጋዴም ሆነ ማኅበር ገንዘቡን እዚያ ከሚጥል በቁጠባ ደብተሩ ቢያኖረው ይሻለዋል።»

ይህ ጽሑፍ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር በማኅበራት የሒሳብ ሹሞችና በእህል ነጋዴዎች እጅ እየዞረ ነው። የሚያነቡት ሰዎች የሌላ ሰው ገንዘብ የተሰጣቸው ናቸውና ስሕተቱ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። የጸሐፊውን ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ እያስቀመጥኩ እመልሳለሁ።

«ሦስት ወር የማይሞላ ብድር የሚለምን የዕለት ጉርሱን ያጣ ብቻ ነው።»

የፌዴራሉ መንግሥት ወጪና ገቢ በአንድ ቀን አይገናኙም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ደሞዝ በየወሩ ይከፈላል፤ ለክልሎች የሚላከው ድጎማም ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል። የደብረ ማርቆስ መምህር የነሐሴን ደሞዝ የሚጠብቀው በነሐሴ ነው። ሰኔ 30 ሒሳባቸውን የሚዘጉ ትልልቅ ድርጅቶች ግን የትርፍ ግብራቸውን አስታውቀው ለመክፈል እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አላቸው። ስለዚህ በክረምቱ ወራት ወጪው ይቀድማል፣ ትልቁ ገቢ ይከተላል። በመካከሉ ያለው ጉድለት የኪሳራ ምልክት አይደለም፤ ገቢው ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ረጅም ቦንድ መሸጥ ነው። ክፍተቱ 10 ቢሊዮን ብር ነው እንበል፣ ወለዱም 15 በመቶ። ለ91 ቀን የተበደረ 374 ሚሊዮን ብር ያህል ወለድ ከፍሎ ይገላገላል። ለዚያው ጉድለት የአምስት ዓመት ቦንድ የሸጠ ግን ጥቅምት ላይ ገንዘቡ ቢተርፈውም በየዓመቱ 1.5 ቢሊዮን ብር መክፈሉን ይቀጥላል። ሁለተኛው መንገድ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ነው። ይህ ከማንም ቁጠባ ያልመጣ አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ስለሚያስገባ ዋጋ ያንራል፤ አገራችን ለዓመታት አይታዋለች፣ የጤፉን ዋጋ የሚከታተል የጎጃም ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ሦስተኛው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ ቀድሞውኑ በሰው እጅ ያለ ገንዘብ ለጥቂት ወራት ወደ መንግሥት ዞሮ ይመለሳል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳያመዛዝን ሦስተኛውን የኪሳራ ማስረጃ ማድረግ ሚዛን የጎደለው ነው።

«100 ብር የሚመልሰውን ሰነድ በ96 ብር ከ50 ሳንቲም ትገዛላችሁ። ትርፉ 3.5 በመቶ ነው። የቁጠባ ደብተር 7 በመቶ ይከፍላል። ልዩነቱን ለራሳችሁ አስሉት።»

እናስላው። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ተብሎ የተለየ ክፍያ የለውም። ከተጻፈበት ዋጋ በታች ይሸጣል፣ ጊዜው ሲደርስ የተጻፈበትን ሙሉ ይከፍላል፤ ትርፉ ልዩነቱ ነው። በምሳሌው ልዩነቱ 3 ብር ከ50 ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል። ገዢው ያወጣው 96.50 እንጂ 100 አይደለምና 3.50 የሚካፈለው ለ96.50 ነው፤ ያ 3.63 በመቶ ይሆናል። ከዚያም ይህ የ91 ቀን ትርፍ ነው፤ የቁጠባው 7 በመቶ ደግሞ የዓመት ነው። ሁለቱን ለማወዳደር 3.63ቱን በ365 አባዝቶ ለ91 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱ በዓመት 14.55 በመቶ ነው።

በብር እንየው። ቡሬ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የበቆሎ ሽያጩን አጠናቆ እስከ ክረምት መግቢያ የማይነካው ገንዘብ አለው እንበል። መጋቢት 10 የተጻፈበት ዋጋ 2,000,000 ብር የሆነ የ91 ቀን ሰነድ በ96.50 ሒሳብ ገዛ። የሚከፍለው 1,930,000 ብር ነው። ሰኔ 11 ቀን 2,000,000 ብር ይገባለታል፤ ትርፉ 70,000 ብር ነው። ያው 1,930,000 ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ለ91 ቀን ቢቀመጥ የሚያስገኘው 33,682 ብር ነው። የ36,000 ብር ልዩነት ለአንድ ዩኒየን የዘበኛና የመጋዘን ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

ሰነዶቹ የሚወጡት በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን ነው። አራቱም ለ7 ይካፈላሉ፤ ስለዚህ ረቡዕ የተገዛ ሰነድ ረቡዕ ይመለሳል። «ሦስት ወር» ብሎ ሰኔ 10 ገንዘቡን ለሌላ ክፍያ የቀጠረ የሒሳብ ሹም ግን አንድ ቀን ያጥረዋል። ገንዘቡን የሚጠብቅ ሰው ቀን ይቁጠር እንጂ ወር አይቁጠር።

የጸሐፊው ስጋት የሚሠራበት ቦታ ሌላ ነው፦ የዋጋ ግሽበት። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የሰነዱ ወለድ ከዚያ በእጅጉ ያንስ ነበር፤ የገዛ ሰው የብሩ ቁጥር ቢጨምርም የመግዛት አቅሙ ቀንሷል። ይህ እውነት ነው። ግን በዚያው ዓመት በ7 በመቶ ያስቀመጠው የባሰ ከስሯል፤ የቁጠባ ደብተርን መጠለያ አድርጎ ማቅረብ ከዚህ ሐቅ ጋር አይሄድም።

«ወለዱን መንግሥት ይቆርጣል፤ ባንኮችም ግዙ ስለተባሉ ይገዛሉ። ገበያ የሚባል ነገር የለም።»

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን የተለያዩ ሦስት ወረቀቶችን አንድ አድርጓል። የመጀመሪያው ከ2003 ዓ.ም. እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል እንዲገዙ የተገደዱበት ነው። ያ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ነበር፣ የአምስት ዓመት ነበር፣ በጨረታም አልተሸጠም። ሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. የታዘዘው የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ ነው፤ እርሱም በትእዛዝ የተሸጠ ነው። በሁለቱ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ባንኩ የራሱን አስቀማጮች ገንዘብ በማይመርጠው ዋጋ እንዲያስር ተደርጓል።

እዚህ የምንነጋገርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ግን በገንዘብ ሚኒስቴር ስም ወጥቶ በብሔራዊ ባንክ አማካይነት ለጨረታ የሚቀርብ ነው። እርሱም ከ2012 ዓ.ም. በፊት ለስሙ ብቻ ጨረታ ነበር፤ ወለዱ በጣም ዝቅተኛ ስለነበር ገዢዎቹ በዋናነት የጡረታ ገንዘብና የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በተደረገው ለውጥ ዋጋው በተጫራቾች እንዲወሰን ተደረገ፣ ወለዱም ወዲያው ከፍ አለ። ጸሐፊው ከለውጡ በፊት የነበረውን ይዘው ስለዛሬው ከጻፉ ስለ ሌላ ገበያ ጽፈዋል። ዋጋው በተጫራች መወሰኑ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚቀጥለው ነጥብ ላይ ይታያል።

«ካዝናው ባዶ ከሆነ የቀረበለትን ሁሉ ለምን አይወስድም? ብር ይዞ የመጣን ተጫራች መመለሱ ጨዋታው አስቀድሞ ማለቁን ያሳያል።»

ተቃራኒውን ያሳያል፤ በጽሑፉ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በጨረታው ማስታወቂያ ላይ የሚሸጠው መጠን፣ የቀኑ ርዝመት፣ ማመልከቻ የሚዘጋበት ሰዓትና ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ይጻፋል። ተጫራቹ ሁለት ቁጥር ብቻ ይሰጣል፦ ምን ያህል እንደሚፈልግ እና ለእያንዳንዱ 100 ብር ስንት እንደሚከፍል። ሌላው ምን እንደጻፈ አያይም። ሰዓቱ ሲደርስ ማመልከቻዎቹ ከከፍተኛ ዋጋ ወደ ዝቅተኛ ይደረደራሉ፣ የሚሸጠው መጠን እስኪሞላ ከላይ ወደ ታች ይወሰዳል። ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠ ማለት ዝቅተኛ ወለድ የጠየቀ ማለት ነው፤ መንግሥት በመጀመሪያ የሚወስደው በርካሽ የሚያበድረውን ነው።

ቁጥሮቹ የእኔ የሆኑ አንድ የ91 ቀን ጨረታ እንከተል። የሚሸጠው 1 ቢሊዮን ብር ነው። አምስት ተጫራቾች መጡ። የመጀመሪያው 200 ሚሊዮን በ96.80፣ ሁለተኛው 300 ሚሊዮን በ96.65፣ ሦስተኛው 350 ሚሊዮን በ96.50፣ አራተኛው 300 ሚሊዮን በ96.40፣ አምስተኛው 250 ሚሊዮን በ95.20 ጻፉ። ድምሩ 1.4 ቢሊዮን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙሉ በሙሉ ይወስዳሉ፤ 850 ሚሊዮን ሞላ። የቀረው 150 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ አራተኛው ደግሞ 300 ፈልጓል። ግማሹን ያገኛል። በዚያው 96.40 ሁለት ሰዎች፣ አንዱ 200 ሌላው 100 ሚሊዮን ጽፈው ቢሆን ለሁለቱም እንደ ድርሻቸው ይከፋፈል ነበር፤ 100 እና 50 ይደርሳቸው ነበር። 96.40 የመቁረጫ ዋጋ ይባላል። አምስተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን አምስተኛውን ወደ ዓመት ወለድ እንለውጠው። 95.20 ማለት 20.22 በመቶ ነው። የመጨረሻው አሸናፊ የጠየቀው 14.98 በመቶ ሲሆን ይህ ሰው ከእርሱ ከ5 በመቶ በላይ አብልጦ ጠይቋል። የሚሸጠው መጠን ሞልቶ ሳለ የእርሱን መውሰድ ከግብር ከፋዩ ኪስ ማውጣት ነበር። ስለዚህ ተጫራቹ የተመለሰው ብር ይዞ ስለመጣ ሳይሆን ብሩን በውድ ስላቀረበ ነው። ብዛቱም ዋጋ የለውም፤ 200 ሚሊዮን የጻፈው ቀድሞ ሲወስድ 250 ሚሊዮን የጻፈው ቀርቷል።

አሸናፊዎቹ ምን ያህል ይከፍላሉ? ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ የትኛው እንደሆነ ከመጫረት በፊት ማወቅ ግድ ነው። በአንደኛው እያንዳንዱ የጻፈውን ይከፍላል። በምሳሌያችን መንግሥት 965.9 ሚሊዮን ብር ይሰበስባል፤ አማካይ ዋጋው 96.59፣ አማካይ ወለዱ 14.16 በመቶ ነው። በሌላው ሁሉም አሸናፊ አንድ ዋጋ፣ የመቁረጫውን 96.40 ይከፍላል፤ መንግሥትም 964 ሚሊዮን ያገኛል። አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጠቀመው ይህን ነው።

በወረቀት ላይ ሁለተኛው ለመንግሥት 1.9 ሚሊዮን ብር ያሳጣዋል። ነገር ግን ተጫራቾቹ በሁለቱም አሠራር አንድ ዓይነት ዋጋ አይጽፉም። የጻፈውን እንደሚከፍል የሚያውቅ ሰው ከሌሎች አብልጦ ከፍሎ እንዳይቆጨው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል። አንድ ዋጋ የሚከፈልበት ከሆነ ግን የልቡን ይጽፋል፣ ምክንያቱም ከፍ አድርጎ መጻፉ ማሸነፉን እንጂ የሚከፍለውን አይወስንም። ይህ ለትንሹ ተጫራች ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የገበያውን ስሜት በየቀኑ የሚከታተል ሠራተኛ የሌለው የጎጃም ማኅበር በመጀመሪያው አሠራር ከትልቅ ባንክ ይልቅ የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ አገሮች ለዚህ ሲሉ ዋጋ ሳይጽፉ በአማካዩ ዋጋ ለመግዛት የሚፈልጉ ትናንሽ ገዢዎችን የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው። ጸሐፊው ለትንሹ ሰው ቢከራከሩ ጥያቄያቸው እዚህ ላይ ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ማመልከቻ ከሚያበላሹት ስሕተቶች ዋናው ዋጋና ወለድን ማምታታት ነው። «ከፍ ያለ ትርፍ እፈልጋለሁ» ብሎ 97.50 የሚጽፍ አለ፤ እርሱ ትርፉን ወደ 10.28 በመቶ ዝቅ አድርጎ መጫረቱ ነው። ያሸንፋል፤ የጻፈውን የሚከፍልበት አሠራር ከሆነ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ትርፍ ይዞ ይወጣል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የሚፈልጉትን ዓመታዊ ወለድ በመቶኛ ለ100 አካፍሎ በ91 ማባዛት፣ ለ365 ማካፈል፣ አንድ መደመር፣ 100ን ለዚያ ማካፈል። 15 በመቶ የፈለገ 96.40 ይጽፋል። ሌላው ስሕተት የገንዘቡ ቀን ነው። ካሸነፉ በኋላ ገንዘቡ በተባለው ቀን ሒሳብ ውስጥ ካልተገኘ ግዢው ይሰረዛል ወይም ቅጣት ያስከትላል፤ ከወረዳ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚተላለፍ ገንዘብ ከዋዜማው በፊት መንቀሳቀስ አለበት።

«ገንዘባችሁ ይታሰራል፤ ቢያስፈልጋችሁም እስከ ቀኑ አታገኙትም።»

ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ የግምጃ ቤት ሰነዶችም እዚያ የሚገበያዩበት መንገድ ተከፍቷል። ይህ ማለት ግን በተፈለገ ሰዓት ገዢ ይገኛል ማለት አይደለም፤ ገበያው ገና ለጋ ነው። ዋጋውም የገዢው እንጂ የሻጩ ፍላጎት አይደለም። የቡሬው ዩኒየን ከ61 ቀን በኋላ ማዳበሪያ ለማጓጓዝ ብር ቢቸግረውና የዚያን ዕለት ገዢ 16 በመቶ ቢፈልግ፣ ቀሪው 30 ቀን ስለሆነ ዋጋው 98.70 ያህል ይሆናል። 1,974,000 ብር ይቀበላል፤ ትርፉ በዓመት ሲሰላ ከ14.55 ወደ 13.6 በመቶ ዝቅ ይላል። አልከሰረም፤ ግን ቀኑን በትክክል ያልገመተ ዩኒየን ከ91 ይልቅ የ28 ቀኑን ቢገዛ ይሻለው ነበር።

«አሮጌውን ሰነድ በአዲስ ሰነድ ይከፍላሉ። ይህ ከፒራሚድ ጨዋታ በምን ይለያል?»

የሚለየው መንግሥት ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ስላለው ነው፤ የፒራሚድ ጨዋታ ከአዲስ ገቢ በቀር ምንም የለውም። ይሁን እንጂ ይህ በጽሑፉ ውስጥ በቁም ነገር ሊወሰድ የሚገባው ነጥብ ነው። ከላይ የተናገርኩት የክረምቱ ጉድለት ግብሩ ሲገባ ይሞላል። የዓመቱ ወጪ ከዓመቱ ገቢ ሲበልጥ በሰነድ የተሸፈነው ግን ጥቅምት ላይ አይጠፋም፤ ሰነዱ በተመለሰ ቁጥር በሌላ ሰነድ ይተካል። አደጋውም እዚያ ነው፤ የአምስት ዓመት ቦንድ ያለበት መንግሥት ወለዱ ቢወደድ አምስት ዓመት ይታገሳል፣ የ91 ቀን ሰነድ ያለበት ግን በዓመት አራት ጊዜ በገበያው ፊት ይቆማል።

ስለዚህ የሚጠየቀው «ይተካሉ ወይ» አይደለም፣ «ምን ያህሉ አዲስ ነው» የሚለው ነው። በምሳሌያችን 1 ቢሊዮን የተጻፈበት ሰነድ ተሸጦ 965.9 ሚሊዮን ብር ገባ። በዚያው ሳምንት 900 ሚሊዮን ብር የሚመለስ አሮጌ ሰነድ ቢኖር መንግሥት በእጁ የቀረው 65.9 ሚሊዮን ብቻ ነው። «መንግሥት ቢሊዮን ተበደረ» የሚለው ዜና እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል። በሌላ በኩል የሚመለሰው 970 ሚሊዮን ቢሆን፣ ያንን ሁሉ ሸጦ 4.1 ሚሊዮን ከኪሱ ጨምሮ ወጥቷል ማለት ነው።

መተካቱ ወደ አደጋ እየሄደ መሆኑን ከጨረታው ውጤት ማየት ይቻላል። የቀረበው ከተሸጠው ጋር ሲነጻጸር በምሳሌያችን 1.4 እጥፍ ነው፤ ይህ ወደ አንድ ሲጠጋ የተመለሰ ሰው ስለማይኖር ውዱም ርካሹም ይወሰዳል። የመቁረጫው ወለድ ከአማካዩ ሲርቅም እንዲሁ፤ 14.98 ከ14.16 በ0.82 ይበልጣል፣ ይህ ክፍተት ከጨረታ ጨረታ ከሰፋ የመጨረሻዎቹ ገዢዎች እየፈሩ ነው። ገዢዎች ከ364 ቀኑ ሸሽተው ወደ 28 ቀኑ ከተሰበሰቡ ደግሞ ረጅም ጊዜ ማበደር የሚደፍር ጠፍቷል፤ መንግሥትም የሚመለሰው ዕዳ ቶሎ ቶሎ ይደርስበታል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የእነዚህን ሦስት ቁጥሮች የጥቂት ጨረታዎች አካሄድ አስደግፈው ቢከሱ፣ ክሱ የሚመረመር ክስ ይሆናል።